የኩፖን ቦንድ ዋጋ ትመናና ይልድ ቱ ማቹሪቲ

የኩፖን ቦንድ ዋጋ ትመና አንድ ቦንድ ወደፊት የሚከፍላቸውን ገንዘቦች በሙሉ ወደ ዛሬ ዋጋቸው መልሶ የመደመር ስሌት ነው። ይልድ ቱ ማቹሪቲ ደግሞ ቦንዱ እስከ መጨረሻው የመክፈያ ቀን ቢያዝ ለገዢው የሚያስገኘው የትርፍ ምጣኔ ነው። በስሌት ቋንቋ ሲገለጽ፣ የወደፊቶቹ ክፍያዎች የዛሬ ዋጋ ድምር ከገበያው ዋጋ ጋር እኩል እንዲሆን የሚያደርገው አንድ የወለድ ምጣኔ ማለት ነው። ሁለቱ በፋይናንስ ትምህርት ውስጥ «የገንዘብ የጊዜ ዋጋ» በሚለው ምዕራፍ ሥር ይመጣሉ፤ በፈተናም ብዙ ጊዜ የአንድ ጥያቄ «ሀ» እና «ለ» ሆነው ይቀርባሉ።

ተማሪዎች ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ቀመሮች ይይዟቸዋል፤ ቀመሩ ግን አንድ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ምጣኔው ተሰጥቶ ዋጋው ይፈለጋል፣ በሁለተኛው ዋጋው ተሰጥቶ ምጣኔው ይፈለጋል። የመጀመሪያው በቀጥታ ይሰላል። ሁለተኛው ግን በፍለጋ እንጂ በቀጥታ አይገኝም፤ በፈተና ላይ ብዙ ሰዓት የሚበላውም እርሱ ነው።

## ቦንዱ የሚከፍለው

ቦንድ የብድር ሰነድ ነው። አበዳሪው ዛሬ ገንዘብ ይሰጣል፤ ተበዳሪው በየተወሰነ ጊዜ ወለድ ይከፍላል፣ በመጨረሻው ቀንም ዋናውን ገንዘብ ይመልሳል። በሰነዱ ላይ የተጻፈው ዋና ገንዘብ የፊት ዋጋ ወይም ፓር ይባላል። በየጊዜው የሚከፈለው ወለድ ኩፖን ይባላል። ስሙ የመጣው ቦንድ በወረቀት ይታተም በነበረበት ዘመን ባለቤቱ ከሰነዱ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቁራጮችን እየቆረጠ ወለዱን ለመቀበል ያቀርብ ስለነበር ነው።

የኩፖኑ ምጣኔ ቦንዱ ሲወጣ ይወሰናል፤ በተለመደው ቋሚ ኩፖን ባለው ቦንድ ከዚያ በኋላ አይለወጥም። የገበያው ወለድ ግን ይለዋወጣል። ክፍያው ቋሚ ሆኖ የገበያው ወለድ ሲለዋወጥ፣ ልዩነቱን የሚያስተካክለው የቦንዱ ዋጋ ነው። የገበያው ወለድ ሲጨምር የቦንዱ ዋጋ ይወርዳል፤ ሲቀንስ ደግሞ ይወጣል።

## የናሙና ጥያቄ

የሚከተለው በዓይነቱ የተለመደ የፈተና ጥያቄ ነው።

የአንድ ቦንድ የፊት ዋጋ 1,000 ብር ነው። የኩፖን ምጣኔው በዓመት 8 በመቶ ሲሆን በየስድስት ወሩ ይከፈላል። እስከ መጨረሻው የመክፈያ ቀን 10 ዓመት ቀርቶታል። (ሀ) ባለሀብቶች ከእንዲህ ዓይነት ቦንድ በዓመት 10 በመቶ ትርፍ የሚጠይቁ ከሆነ የቦንዱ ዋጋ ስንት ነው? (ለ) ቦንዱ በገበያ ላይ በ920 ብር የሚሸጥ ከሆነ ይልድ ቱ ማቹሪቲው ስንት ነው?

## ዋጋውን ማስላት

የመጀመሪያው ሥራ ሁሉንም ነገር ወደ ግማሽ ዓመት መለወጥ ነው። በዓመት 8 በመቶ የ1,000 ብር 80 ብር ነው፤ ስለዚህ በየስድስት ወሩ የሚከፈለው 40 ብር ይሆናል። የሚጠየቀው ትርፍ 10 በመቶ በሁለት ተካፍሎ 5 በመቶ ይሆናል። አሥሩ ዓመት ደግሞ 20 የግማሽ ዓመት ጊዜያት ይሆናል። ሦስቱ አብረው መለወጥ አለባቸው፤ አንዱን ለውጦ ሌላውን መተው በዚህ ጥያቄ ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሃያ የ40 ብር ክፍያዎችንና በመጨረሻው ቀን የሚመጣውን 1,000 ብር ወደ ዛሬ መመለስ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው 40 ብር ዛሬ 40 ÷ 1.05 = 38.10 ብር ያወጣል። ከዓመት በኋላ የሚመጣው 40 ÷ 1.1025 = 36.28 ብር ነው። ሃያኛው ኩፖን ዛሬ የሚያወጣው 15.08 ብር ብቻ ነው። ሃያውንም አንድ በአንድ ማስላት ይቻላል፤ ሆኖም ክፍያዎቹ እኩልና በእኩል ጊዜ የሚመጡ ስለሆኑ አኑዊቲ ይባላሉ፣ ድምራቸውም በአንድ ቀመር ይገኛል። ሙሉው የቦንድ ቀመር ይህ ነው፦

```
P = C × [1 − (1 + r)^(−n)] / r  +  F / (1 + r)^n
```

P ዋጋው፣ C በየጊዜው የሚከፈለው ኩፖን፣ r የአንድ ጊዜ ምጣኔው፣ n የጊዜያቱ ብዛት፣ F የፊት ዋጋው ነው።

በእጅ ሲሰላ መጀመሪያ 1.05ን ሃያ ጊዜ በራሱ ማባዛት ያስፈልጋል፤ ውጤቱ 2.6533 ነው። አንድ ለዚህ ሲካፈል 0.37689 ይሰጣል። ይህ ቁጥር ሁለት ቦታ ያገለግላል። የዋናው ገንዘብ የዛሬ ዋጋ 1,000 × 0.37689 = 376.89 ብር ይሆናል። ለኩፖኖቹ ደግሞ ከ1 ላይ 0.37689 ተቀንሶ ለ0.05 ሲካፈል 12.4622 ይገኛል፤ በ40 ሲባዛ 498.49 ብር ይሆናል። ድምሩ 875.38 ብር ነው፤ የ«ሀ» መልስ እርሱ ነው።

በፈተና ወረቀት ላይ የሚያያዘው ሠንጠረዥ በአራት አሃዝ የተጠጋጋ ስለሆነ 0.3769 እና 12.4622 ይሰጣል፤ በእነርሱ የሠራ ተማሪ 875.39 ያገኛል። የአንድ ሳንቲም ልዩነት የመጠጋጋት ውጤት ነው እንጂ ስሕተት አይደለም።

## መልሱ ትክክል መሆኑን በሌላ መንገድ ማየት

ይህን ዋጋ ቀመሩን ሳይጠቀሙ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ማረጋገጫውም ቦንዱ ለምን ከ1,000 ብር በታች እንደሚሸጥ ከቀመሩ ይልቅ በግልጽ ያሳያል። በ1,000 ብር ላይ 5 በመቶ የሚጠይቅ ባለሀብት በየስድስት ወሩ 50 ብር ይፈልጋል። ቦንዱ የሚሰጠው 40 ብር ነው። ስለዚህ በየስድስት ወሩ 10 ብር ይጎድለዋል፣ ይህም ሃያ ጊዜ ይደጋገማል። የሃያዎቹ ጉድለቶች የዛሬ ዋጋ 10 × 12.4622 = 124.62 ብር ነው። ባለሀብቱ ይህን ጉድለት ዛሬውኑ ከዋጋው ላይ ያስቀንሳል፤ 1,000 − 124.62 = 875.38።

ሁለቱ መንገዶች እስከ ሳንቲሙ ድረስ መግጠም አለባቸው። የማይገጥሙ ከሆነ በአንዱ ላይ የስሌት ስሕተት አለ። ኩፖኑ ባለሀብቶች ከሚጠይቁት በላይ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ ጭማሪ ሆኖ ዋጋውን ከ1,000 በላይ ያደርገው ነበር፤ ያን ጊዜ ቦንዱ በፕሪሚየም ይሸጣል ይባላል። ከ1,000 በታች ሲሆን በዲስካውንት፣ እኩል ሲሆን ደግሞ በፓር ይባላል።

የተሳሳቱ መልሶችም የራሳቸው መልክ አላቸው፤ ምርጫ ባለው ፈተና ላይም መምህሩ በአማራጭነት የሚያስቀምጣቸው እነርሱን ነው። ኩፖኑ በዓመት አንዴ የሚከፈል አድርጎ በ80 ብር፣ በ10 በመቶና በ10 ጊዜያት የሠራ ሰው 877.11 ያገኛል። መልሱ ከትክክለኛው በጣም ስለሚቀርብ «ልዩነቱ የመጠጋጋት ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ነገር ግን የ1.73 ብር ልዩነት ከመጠጋጋት የሚመጣ አይደለም። ኩፖኖቹን በግማሽ ዓመት በትክክል ሠርቶ ዋናውን ገንዘብ ግን በ10 በመቶ ለ10 ዓመት የመለሰ ሰው 884.03 ይደርሳል። ይህኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው፤ ምክንያቱም «ዋናው ገንዘብ የሚከፈለው አንዴ ነው፣ ታዲያ ለምን በግማሽ ዓመት?» የሚለው ሐሳብ ምክንያታዊ ይመስላል። ሆኖም አንድ ባለሀብት በአንድ ቦንድ ላይ ሁለት የተለያየ ምጣኔ አይጠይቅም። በግማሽ ዓመት 5 በመቶ የሚጠይቅ ከሆነ ሁሉም ገንዘብ የሚመለሰው በዚያው ምጣኔ ነው። ውጤቱ በትክክል 1,000 ብር ከሆነ ደግሞ ተማሪው ክፍያዎቹን የመለሰው በገበያው ምጣኔ ሳይሆን በራሱ በኩፖኑ ምጣኔ ነው።

## ይልዱን መፈለግ

በ«ለ» ውስጥ P 920 መሆኑ ይታወቃል፣ r ግን አይታወቅም። r በቀመሩ ውስጥ በሦስት ቦታ ይገኛል፣ በሁለቱም ከሃያኛ ደረጃ ጋር ነው። በአልጀብራ ብቻውን አውጥቶ በእኩልታው በአንድ በኩል ለማስቀመጥ የሚያስችል መንገድ የለም። የሚቻለው ምጣኔ እየገመቱ ዋጋውን ማስላትና ከ920 ጋር ማወዳደር ነው። የሒሳብ ማሽንም ሆነ ኮምፒውተር ይህንኑ ፍለጋ ያደርጋል፤ የሚለየው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ምጣኔው ሲጨምር ዋጋው ሁልጊዜ ስለሚወርድ ትክክለኛው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ፍለጋውም አቅጣጫውን አይስትም።

ከስሌት በፊት መልሱ የት አካባቢ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። ቦንዱ በ1,000 ብር ቢሸጥ ኖሮ ይልዱ ከኩፖኑ ጋር እኩል፣ ማለትም 8 በመቶ ይሆን ነበር። በ10 በመቶ ዋጋው 875.38 መሆኑን «ሀ» አሳይቷል። 920 በሁለቱ መካከል ስለሆነ ይልዱ ከ8 በላይና ከ10 በታች ነው። የ«ሀ» መልስ ለ«ለ» እንዲህ ያገለግላል፤ ሁለቱ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ከሚቀመጡበት ምክንያት አንዱም ይህ ነው።

ይበልጥ ለመቅረብ አንድ ፈጣን ግምት አለ። ገዢው በዓመት 80 ብር ኩፖን ያገኛል። በተጨማሪም 920 ከፍሎ በመጨረሻ 1,000 ስለሚቀበል 80 ብር ይተርፈዋል፤ ይህ ለአሥር ዓመት ሲከፋፈል በዓመት 8 ብር ነው። በድምሩ በዓመት 88 ብር ማለት ነው። ይህን በ920 እና በ1,000 አማካይ፣ ማለትም በ960 ማካፈል 9.17 በመቶ ይሰጣል። ይህ መልስ አይደለም፣ መነሻ ነው። የመጨረሻውን 80 ብር በየዓመቱ እንደሚከፈል አድርጎ ስለሚቆጥር የገንዘብን የጊዜ ዋጋ በከፊል ይዘነጋል። ጥያቄው «በግምት» ካላለ በስተቀር እዚህ ላይ ማቆም ነጥብ ያስቀንሳል።

ግምቱ 9 አካባቢ ስለሆነ ቀጣዩ ሙከራ 9 በመቶ ነው፤ በግማሽ ዓመት 4.5። ሠንጠረዦች ብዙ ጊዜ ሙሉ በመቶዎችን ብቻ ስለሚይዙ 4.5 ላይገኝ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ቀመሩ መመለስ ያስፈልጋል። 1.045 በሃያኛ ደረጃ 2.4117 ነው፣ አንድ ለእርሱ ሲካፈል 0.41464። የአኑዊቲው ቁጥር 13.0079 ይሆናል። ዋጋው 40 × 13.0079 + 414.64 = 934.96 ብር ነው። ይህ ከ920 በላይ ስለሆነ ትክክለኛው ይልድ ከ9 በመቶ ይበልጣል።

አሁን 920 በ934.96 (9 በመቶ) እና በ875.38 (10 በመቶ) መካከል ተይዟል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 59.58 ብር ነው፤ ከ934.96 እስከ 920 ደግሞ 14.96 ብር። 14.96ን ለ59.58 ማካፈል 0.251 ይሰጣል። ስለዚህ ይልዱ 9 + 0.251፣ ማለትም 9.25 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ዘዴ ኢንተርፖሌሽን ይባላል፤ በእጅ ለሚሠራ ፈተና በቂ መልስ ነው።

ትክክለኛው መልስ ግን 9.24 በመቶ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ኢንተርፖሌሽን በሁለቱ ነጥቦች መካከል ቀጥታ መስመር ይዘረጋል። የዋጋና የይልድ ግንኙነት ግን ቀጥታ አይደለም፤ ወደ ታች የረገበ ገመድ የሚመስል ጥምዝ ነው። ገመዱ ከቀጥታው መስመር በታች ስለሚውል ኢንተርፖሌሽን ሁልጊዜ ይልዱን ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ነጥቦቹ ሲራራቁ ስሕተቱ ይጨምራል። ሠንጠረዡ ላይ 4.5 ስላጣ በ4 በመቶና በ5 በመቶ መካከል የሠራ ተማሪ 80ን ለ124.62 አካፍሎ 4.642 ያገኛል፤ በዓመት 9.28 በመቶ ማለት ነው። አንድ ተጨማሪ ሙከራ 9.28ን ወደ 9.25 አወረደው። በ9.25 በመቶ ዋጋው ተሰልቶ ሲታይ 919.57 ነው፤ ከ920 በትንሹ ያነሰ ስለሆነ እውነተኛው ይልድ ከ9.25 በጥቂቱ ዝቅ ይላል።

መልሱን ለመፈተሽ የሚበቃ አንድ ቅደም ተከተልም አለ። ቦንዱ በዲስካውንት ሲሸጥ የኩፖኑ ምጣኔ ከሦስቱ ትንሹ ነው፤ ኩፖኑ ለዋጋው ተካፍሎ የሚገኘው ወቅታዊ ይልድ መካከለኛው ነው፤ ይልድ ቱ ማቹሪቲ ትልቁ ነው። እዚህ ላይ 8፣ ከዚያ 80 ÷ 920 = 8.70፣ ከዚያ 9.24 ይሆናል። በፕሪሚየም ሲሸጥ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ይህን ሥርዓት የሚያፈርስ መልስ ያገኘ ተማሪ ወደ ስሌቱ መመለስ አለበት።

## በሒሳብ ማሽንና በኤክሴል

በፋይናንስ የሒሳብ ማሽን ላይ N 20፣ PMT 40፣ FV 1000፣ PV −920 ሆነው ሲገቡ I/Y 4.62 ይመጣል። በኤክሴል ሁለቱ ጥያቄዎች እንዲህ ይጻፋሉ፦

```
=PV(5%,20,40,1000)
=RATE(20,40,-920,1000)*2
```

የመጀመሪያው −875.38 ያሳያል። የመቀነሱ ምልክት ገንዘቡ ከገዢው ኪስ የሚወጣ መሆኑን ይገልጻል፤ በመልስ ወረቀት ላይ ዋጋው ያለ ምልክቱ ይጻፋል። በሁለተኛው ላይ ከ920 በፊት የመቀነስ ምልክት ካልገባ ኤክሴል `#NUM!` ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ምንም ሳይከፍል 920 ብርም ኩፖንም ዋና ገንዘብም ለሚቀበል ሰው እኩልታውን የሚያሟላ ምጣኔ የለም። በሒሳብ ማሽን ላይ ደግሞ P/Y የሚለው ቅንብር 1 መሆኑን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ወደ 12 ተቀናብሮ የቀረ ማሽን ምንም የስሕተት መልእክት ሳያሳይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

4.62 ላይ ማቆምም የተለመደ ስሕተት ነው። እርሱ የግማሽ ዓመት ምጣኔ ነው፤ በሁለት ተባዝቶ 9.24 ይሆናል። በሁለት የሚባዛው በቦንድ ገበያ ልማድ መሠረት ነው። ጥያቄው በግልጽ የዓመቱን ውጤታማ ምጣኔ ከጠየቀ ግን ማባዛት አይበቃም፤ በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት የተገኘው በሁለተኛው ወለድ ስለሚወልድ 1.046215 በራሱ ተባዝቶ 1 ይቀነሳል፣ ውጤቱም 9.46 በመቶ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚወስነው የጥያቄው ቃል ነው።

የፈተና ጥያቄዎች ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቦንዱ የሚገዛው ኩፖን በተከፈለ ማግሥት እንደሆነ ይወስዳሉ። በገበያ ላይ ግን ቦንድ በሁለት ኩፖኖች መካከል ስለሚሸጥ ገዢው ለሻጩ እስከዚያ ቀን የተጠራቀመውን ወለድ ጨምሮ ይከፍላል።

## 9.24 በመቶ መቼ ይገኛል

ይልድ ቱ ማቹሪቲ በሁኔታዎች ላይ የተንጠለጠለ ቁጥር ነው። «ይህን ቦንድ የገዛ ሰው በዓመት 9.24 በመቶ ያገኛል» የሚለው አባባል እንዲሠራ ገዢው ቦንዱን እስከ መጨረሻው መያዝ፣ እያንዳንዱን ኩፖን እንደተቀበለ በዚያው ምጣኔ መልሶ ማሠራት፣ ተበዳሪውም ሁሉንም ክፍያ በቀኑ መፈጸም አለበት።

የሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ክብደት በቁጥር ይታያል። ገዢው ኩፖኖቹን ሳያሠራ ቤቱ ቢያስቀምጣቸው በአሥር ዓመት መጨረሻ 800 ብር ኩፖንና 1,000 ብር ዋና ገንዘብ፣ በድምሩ 1,800 ብር ይኖረዋል። 920 ብር በሃያ ግማሽ ዓመታት 1,800 እንዲሆን የሚያስፈልገው ምጣኔ በየጊዜው 3.41 በመቶ ነው፤ በዓመት 6.83። ከ9.24 ወደ 6.83 የወረደው ተበዳሪው አንድም ክፍያ ሳያጎድል ነው።

ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ ሲፈርስ ምን እንደሚመስል ከኢትዮጵያ የራሷ ታሪክ ይታያል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 የመጀመሪያዋን ዓለም አቀፍ ቦንድ ሸጠች፤ መጠኑ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ኩፖኑ 6.625 በመቶ፣ ዘመኑ 10 ዓመት ነበር። ወለዱ በየስድስት ወሩ ስለሚከፈል ከላይ እንደተሠራው ጥያቄ n እዚህም 20 ነው፤ እያንዳንዱ ኩፖን ደግሞ 1 ቢሊዮን × 6.625 በመቶ ÷ 2 = 33.125 ሚሊዮን ዶላር። ቦንዱን በፓር ለገዛ ሰው ይልዱ ከኩፖኑ ጋር እኩል፣ 6.625 በመቶ ነው።

በዲሴምበር 2023 የደረሰው ኩፖን አሥራ ስምንተኛው ነበር። በቀኑ አልተከፈለም፤ የ14 ቀን የእፎይታ ጊዜውም ሳይከፈል አለፈ። በዲሴምበር 2024 የደረሰው ዋና ገንዘብም በቀኑ አልተመለሰም፤ ዕዳው የመልሶ ማዋቀር ድርድር ውስጥ ነበር። ባለሀብቱ ሲገዛ ያሰላው 6.625 በመቶ በስሌትነቱ ስሕተት አልነበረበትም። ቀመሩ የገቡለትን ሃያ ኩፖኖችና አንድ ዋና ገንዘብ እንደሚመጡ እርግጠኛ አድርጎ ይወስዳል እንጂ የመምጣታቸውን ዕድል አይመዝንም።

ስለዚህም ተበዳሪው ላይከፍል ይችላል ተብሎ ሲፈራ የቦንዱ ዋጋ ይወድቃል፣ በቀመሩ የሚሰላው ይልድም በጣም ይወጣል። በገበያ ላይ 25 ወይም 30 በመቶ ይልድ የሚታይበት ቦንድ ለገዢው ያንን ያህል ያተርፋል ማለት አይደለም፤ ገበያው የተወሰኑት ክፍያዎች አይመጡም ብሎ መጠርጠሩን ያሳያል። የተሻለ ግምት የሚፈልግ ተንታኝ ቃል የተገባውን ኩፖን ትቶ ይመጣል ብሎ የሚጠብቀውን ገንዘብና ቀን በዚያው ቀመር ውስጥ ያስገባል፤ ፍለጋውንም እንደገና ከመጀመሪያው ሙከራ ይጀምራል።